የጉዞ ካፕሽን ያለ አድራሻና ያለ ልማድ፦ ዝርዝር መመሪያ

የጉዞ ፎቶ ስንለጥፍ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ይልቅ የሚያሳብቀን ከሥሩ የምንጽፈው ነው። የፋሲል ግንብን ማንም ያውቀዋል፤ ግንቡ ፊት መቆም ብቻውን ስለ ቆመው ሰው ብዙም አይናገርም። ካፕሽኑ ግን መቼ እንደ ገባን፣ እስከ መቼ እንደምንቆይ፣ ቤት ማን እንደ ቀረ፣ በየዓመቱ የት እንደምናርፍ በራሳችን አንደበት ይዘረዝራል። ከዚህ በታች ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ጎንደር የሄደ ቤተሰብ ሊጽፈው የሚችለውን አንድ ካፕሽን ይዘን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እናጸዳዋለን። ካፕሽኑ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ አጻጻፉ ግን በየበዓሉ ፌስቡክ ላይ ከምናነበው የተለየ አይደለም።

የምንሠራበት ካፕሽን

የተለጠፈው በከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው እንበል፦

«ተመስገን! ዛሬ ጠዋት ከቦሌ ተነሥተን ጎንደር ገባን። ከከተራ እስከ ሚካኤል እዚሁ ነን። እንደ ሁልጊዜው ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴላችን፣ እንደ ሁልጊዜው ሦስተኛ ፎቅ፣ ቡናችን በረንዳው ላይ። ዘንድሮ እናቴም አለች፣ እህቴም ከነልጆቿ መጥታለች፤ ቤተሰቡ ሙሉ ነው! ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ጥምቀተ ባሕሩ ጋ እንገናኝ። ሰኞ ልጆቹን ሰሚት አድርሼ ወደ ሥራ።»

ደስታ የሞላበት ጽሑፍ ነው፤ ክፋቱም አይታይም። የመንገድ ስም የለበትም፣ የቤት ቁጥር የለበትም። ሆኖም ለማያውቀን ሰው የሚሰጠውን እንቁጠር። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ይኖራል። ልጆቹ የሚማሩት ሰሚት አካባቢ ስለሆነ ቤቱም ከዚያ አይርቅም። አያቲቱ ሳይቀሩ ሁሉም ወጥተዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቢበዛ ዘበኛ ወይም ሠራተኛ ይኖርበታል። እስከ ጥር 12 አይመለሱም። ጎንደር ውስጥ የሚያርፉበት ኮረብታ ላይ ያለ ሆቴል ነው፣ ፎቁ ሦስተኛ ነው፣ በረንዳው ከተማውን ያያል። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ደግሞ የሆቴሉ ክፍልም ባዶ ነው። ይባስ ብሎ «እንደ ሁልጊዜው» የሚለው ይህ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይም እንደሚደገም ይናገራል። ካፕሽኑ ቢጠፋ እንኳ ያነበበው ሰው ይህን የመጨረሻውን አይረሳውም።

መጀመሪያ ከአፑ ውጭ ይጻፍ

ካፕሽኑን ኢንስታግራም ወይም ፌስቡክ ውስጥ አትጀምሩት። አፑ ገና ጽሑፉ ሳያልቅ ቦታ ይጠይቃል፣ የአካባቢ ስሞችን ደርድሮ ያቀርባል፣ አውራ ጣት ደግሞ ይቸኩላል። ስልኩ ላይ ባለው የማስታወሻ አፕ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ከላይ ያለውን ዓይነት ሙሉውን። እዚህ ደረጃ ላይ ምንም አትቁረጡ፤ እየጻፉ መቁረጥ ጽሑፉን ያደርቀዋል፣ የሚያሳብቀውንም ቃል ያሳልፋል።

ከዚያ አምስት ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ይዛችሁ ጽሑፉን አምስት ጊዜ አንብቡ፦ የት? መቼ? እስከ መቼ? ከማን ጋር? ስንት ጊዜ? አንድ ጥያቄ ይዞ ማንበብ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከመፈለግ ይሻላል፤ ዐይን አንድ ነገር ሲፈልግ አይስትም። መልስ የሚሰጠውን ቃል ሁሉ አስምሩበት። ከላይ ያለው ካፕሽን በዚህ መንገድ ሲነበብ ሳይሰመርበት የሚቀረው «ተመስገን» እና «ቡናችን» ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ያስታውሳል። የሚያመልጡት ሦስቱ ናቸው። በተለይ «ከማን ጋር» የሚለውን በአማርኛ ግሡ ራሱ ይመልሰዋል፤ «ገባን»፣ «ነን»፣ «ተነሥተን» ብለን ስንጽፍ ቤት የቀረ እንደሌለ እየተናገርን ነው። «ቤተሰቡ ሙሉ ነው» የሚለው ማኅተሙ ነው።

«አሁን»ን ማውጣት

ከሁሉ ብዙ የሚያተርፈው አንድ ለውጥ ጊዜን ማዘግየት ነው፤ ከተመለሱ በኋላ መለጠፍ። ቤት ከገባችሁ፣ ሻንጣው ከተፈታ በኋላ የወጣ ፎቶ ስለ ባዶ ቤት የሚለው ነገር የለውም። ምን ያህል ይዘግይ ለሚለው፣ ቢያንስ ያረፋችሁበትን ከተማ ለቅቃችሁ እስክትወጡ፣ ቢቻል ቤት ገብታችሁ አንድ ሌሊት እስክታድሩ ነው። ረዥም ጉዞ ላይ ላለ ሰው ይህ ይከብዳል፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ እያለ ሁለት ሳምንት የሚዞር ሰው ቢያንስ በአንድ ከተማ ወደ ኋላ ይቅር። ጎንደር ሳለ የባሕር ዳሩን፣ ላሊበላ ሳለ የጎንደሩን ይለጥፍ። ይህ ግን የሚሸፍነው ያለበትን ከተማ ብቻ ነው፤ ከቤት መራቁን አይሸፍንም። ስለዚህ ቤቱ ባዶ ለሆነ ሰው በቂ አይደለም፤ ቤት ሰው ለተወ ሰው ይበቃል።

ማዘግየቱ ሥራውን የሚሠራው ጽሑፉም አብሮ ሲለወጥ ነው። ብዙዎች ከተመለሱ በኋላ ይለጥፉና ካፕሽኑን እዚያው ሆነው እንደ ጻፉት ይተዉታል፤ «ዛሬ ጠዋት»፣ «እዚሁ ነን»፣ «ነገ» እያለ። ያኔ ዘመድ ይደውላል፣ ሆቴሉን የሚያውቅ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ቤቱን የሚያይም ባዶ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ «ነን» የሚለውን «ነበርን»፣ «እያየሁ ነው» የሚለውን «አየሁ» አድርጉ። «ዛሬ፣ ነገ፣ ትናንት፣ አሁን፣ ገና፣ እዚህ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አውጡ። ሰዓትም ይውጣ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ከክፍል መውጣት በራሱ መረጃ ነው። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ የት እንደምትገናኙ ለወዳጅ መንገር ካስፈለገ በስልክ ይነገር።

በተቃራኒው አቅጣጫም ጊዜ ያሳብቃል። «10 ቀን ቀረኝ»፣ «9 ቀን ቀረኝ» እያሉ ከጉዞ በፊት መቁጠር በተለይ ከውጭ የሚመጡ ወገኖች የሚወዱት ነው። መጨረሻው የመነሻ ቀን ስለሆነ ቤቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ባዶ እንደሚሆን ማንም ይደርስበታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከስቶክሆልም ለሦስት ሳምንት የሚመጣ ሰው እንዲህ ሲቆጥር ሁለት ቤት ነው የሚያሳብቀው፤ እዚያ ባዶ የቀረውን ቤት፣ እዚህ ደግሞ ሻንጣ ሞልቶ የሚያርፍበትን። ከዓረብ አገር ለዓመታት የሠራችበትን ይዛ የምትመለስ እህት «ቦሌ ደርሻለሁ፣ ነገ ንጋት 11 ሰዓት በአውቶቡስ ወደ ደሴ» ብላ ስትጽፍ ደግሞ ጉዳዩ ከቤትም ያልፋል፤ መንገዱን፣ ሰዓቱንና ይዛው የምትሄደውን ባንድ መስመር ሰጥታለች። እንዲህ ያለው ለሚቀበላት ሰው በስልክ ብቻ መነገር አለበት።

የበዓል ስም ቀን ነው

ካፕሽናችን ውስጥ አንድም የቀን ቁጥር የለም። «ከከተራ እስከ ሚካኤል» የሚለው ግን ለማንኛውም የእኛ አንባቢ ከጥር 10 እስከ ጥር 12 ማለት ነው። ከውጭ ቋንቋ የተወሰዱ የጥንቃቄ ምክሮች «ቀን አትጻፉ» ብለው ያቆማሉ፤ የእኛ ሰው ቀኑን በበዓል ስም ስለሚጽፍ ምክሩ ያልፈዋል። ኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ገና ላሊበላ፣ መስከረም 21 ግሸን፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቁልቢ፤ ቦታና ቀን ተጋብተው የተቀመጡ ስሞች ናቸው። አንዱን መጻፍ ሁለቱንም መጻፍ ነው።

እነዚህን ስሞች ጨርሶ መተው አይቻልም፤ የጥምቀት ፎቶ የጥምቀት ነው። መፍትሔው መዘግየት ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ቤት ተገብቶ ሲለጠፍ «ጥምቀት» የሚለው ስም ያለፈ ቀን ብቻ ይሆናል። መጠንቀቅ የሚገባው የቆይታውን ርዝመት በሚሰጠው አጻጻፍና ወደፊትን በሚያስር ቃል ነው። ስለት የሚያስገባ ሰው «ስለቴ ደረሰ፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ እመጣለሁ» ብሎ ቁልቢ ላይ ሲጽፍ፣ የሚመጡትን ታኅሣሥ 19ዎች ሁሉ ቤቱ ሰው እንደማይኖርበት አስታወቀ ማለት ነው። «ስለቴ ደረሰ» በቂ ነው፤ የቀረው ለገብርኤል ይነገር።

ልማድ፦ በጣም የሚያመልጠው

ቦታ አንድ ጊዜ ቢገለጥ አንድ ቀን ይገልጣል። ልማድ ሲገለጥ ግን የሚመጡትን ቀናት ሁሉ ይሰጣል። የጉዞ ካፕሽን ደግሞ ልማድን የሚያወጣበት የራሱ መንገድ አለው፤ አዲሱን ቦታ ከለመድነው ጋር እያነጻጸርን ስለምንጽፍ የቤታችን ኑሮ ሳናስበው ይገባበታል። «የማለዳ ሩጫዬን ዛሬ ከሲኤምሲ ወደ ጣና ዳር ቀየርኩት።» «ከቅዳሴ በኋላ ከምንቀመጥባት ካፌ የማይተናነስ ማኪያቶ።» «12 ሚካኤል ሁሌ ሰፈሬ ነበርኩ፣ ዘንድሮ እዚህ ሆነልኝ።» ሦስቱም ስለ ጉዞ የተጻፉ ይመስላሉ፤ የሚናገሩት ግን ቤት ሲኮን በየትኛው ሰዓት የት እንደሚገኙ ነው።

ወርኃዊ በዓል በተለይ ይታሰብበት። በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እንደማይቀር የጻፈ ሰው በዓመት ከደርዘን ያላነሰ ጊዜ ጠዋት የት እንደሚገኝ ተናግሯል። የማኅበር ጽዋ፣ የዕቁብ እሑድ፣ የልጆች የመዋኛ ቅዳሜም እንዲሁ ናቸው። ዕቁቡ ላይ ገንዘብ እንዳለበት ደግሞ ማንም ያውቃል።

ልማድ ያለ ቃል እንኳ እንደሚያሳብቅ የሚታወቅ ማሳያ አለ። ስትራቫ የተባለው የስፖርት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ አፕ በኅዳር 2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች ደማምሮ በዓለም ካርታ ላይ አወጣ። በጥር 2018 ሰዎች ካርታውን ሲመረምሩ በሌላ ነገር በማይታዩ በረሃዎች ውስጥ የሚያበሩ ክብ መስመሮች አገኙ፤ ወታደሮች በየቀኑ በጦር ሰፈራቸው ዙሪያ የሚሮጡባቸው ነበሩ። ካርታው ላይ የማንም ስም አልነበረም። ድግግሞሹ ብቻ በቂ ሆነ። የሩጫ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ የመንገዱን ካርታ ከካፕሽኑ ጋር አታያይዙ፤ በተለይ መነሻውና መድረሻው ቤት ወይም ሆቴል ሲሆን።

ሥራው ቀላል ነው። ካፕሽኑ ውስጥ «ሁልጊዜ፣ ሁሌ፣ እንደ ወትሮው፣ እንደ ልማዴ፣ በየ...፣ የተለመደው፣ -ኣችን» የሚሉትን ፈልጉ። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ሆቴላችን»፣ «ካፌያችን»፣ «ሾፌራችን» ሲባል ደጋግመን የምንጠቀምበት መሆኑ ይገባል። «አንድ ሆቴል» ከሆነ ምንም አይልም። ወደፊት የሚያይ ቀንም ይውጣ፤ «ሰኞ ወደ ሥራ» የሚለው የምትመለሱበትን ቀን፣ «ልጆቹን ሰሚት አድርሼ» የሚለው የጠዋት መንገዳችሁን ይሰጣል። ከዚህ ካፕሽን ውስጥ ያለ ምንም ማመንታት ቶሎ መውጣት ያለበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ስለ ልጆች ስለሆነ።

ቦታው ምን ያህል ይጥበብ?

የቦታ ስም ሁሉ እኩል አይደለም። ከጠባቡ ወደ ሰፊው ብንሄድ፦ ክፍልና ፎቅ፣ ሆቴል፣ ሰፈር፣ ከተማ፣ አካባቢ። እዚያው ሳላችሁ የሚለጠፍ ነገር ካለ (ብዙ ሰው አይችልም፣ ይለጥፋል) ከ«አካባቢ» አይውረድ፤ «ወደ ሰሜን ወጣ ብዬ» ይበቃል። ከተመለሱ በኋላ ከተማውን መጻፍ ጉዳት የለውም፤ የታወቀ ሐውልት ወይም ቤተ ክርስቲያን ስምም እንዲሁ፤ ቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ አንስቶ ላሊበላ አይደለም ማለት አይቻልም። ሆቴልን ግን በየዓመቱ የምትመለሱበት ከሆነ ተመልሳችሁም አትጻፉት። ማመስገን ከፈለጋችሁ ከጉዞ ፎቶው ለይታችሁ፣ ያለ ፊታችሁ፣ ከወራት በኋላ ይሁን።

የቤት ቦታ የሚወጣበት ስልትም አለ። «ከቤት እስከ ቦሌ 20 ደቂቃ ብቻ ፈጀብን»፣ «ጎረቤታችን ያለው ኮንዶሚኒየም ከአውሮፕላን ታየኝ» የሚሉት አድራሻ አይመስሉም። ከጥቂት ወር በፊት ከለጠፋችሁት የልደት ፎቶ ጋር ሲደመሩ ግን ክበቡ ይጠባል። ሰው ካፕሽንን አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ሊያጠና የመጣ ሰው ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ነው የሚያነበው።

በወጣው ፋንታ የሚገባው

ተቆርጦ ብቻ የቀረ ካፕሽን «ደስ የሚል ጊዜ ነበር» ይሆናል፤ ማንም አይወደውም፣ ጸሐፊውም በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ድሮው ይመለሳል። መፍትሔው አድራሻውንና ሰዓቱን ባያችሁት፣ በሰማችሁትና ባሸተታችሁት መተካት ነው። ከነገሩ ቀርቦ የተጻፈ ዝርዝር ከማንም ካርታ ላይ አይገኝም። የእኛው ካፕሽን ከጎንደር ከተመለሱ በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጥምቀት በጎንደር። ካህናቱ ውሃውን ሲባርኩ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። ከዚያ ከዛፉ ላይ አንድ ልጅ ጮኸ፣ ውሃው መረጨት ጀመረ፣ ዝማሬውና እልልታው ተቀላቀለ። እናቴ ነጠላዋ ሙሉ በሙሉ እስኪበሰብስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ጋቢዬን ሳለብሳት 'ተይኝ፣ በረከት ነው' አለችኝ።»

አምስቱን ጥያቄዎች እንደገና እንጠይቀው። የት? ጎንደር፤ ያለፈ ነው። መቼ? ጥምቀት፤ ያለፈ ነው። እስከ መቼ? መልስ የለም። ከማን ጋር? ከእናት ጋር፤ ሌላው ቤት ነበረ ወይስ አልነበረም አይታወቅም። ስንት ጊዜ? መልስ የለም። ሆቴሉ፣ ፎቁ፣ በረራው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉም ወጥቷል። ርዝመቱ ግን ከመጀመሪያው ብዙም አላነሰም፣ ጽሑፉም በርትቷል። «እናቴ» የሚለውን መተው የሚመርጥ ይኖራል፤ እናቲቱ ሳይወዱ ፊታቸው ከታየ ልክ ነው። ያለ ፊት ከሆነ ያለፈ ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው መጥቀስ ብዙ አያጋልጥም።

ፎቶው ካፕሽኑን እንዳያፈርሰው

የጸዳ ካፕሽን ያልጸዳ ፎቶ ላይ ሲቀመጥ ድካሙ ከንቱ ነው። ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍታችሁ አራቱን ማዕዘን ተመልከቱ። የሚፈለገው የተጻፈ ነገር ነው፦ የመኪና ሰሌዳ ከነኮዱ፣ ስልክ ቁጥር ያለበት የሱቅ ማስታወቂያ፣ ጠረጴዛ ላይ የተተወ የክፍል ቁልፍ ካርድ፣ የዋይፋይ ወረቀት፣ ደረቱ ላይ አርማ ያለበት የልጅ ዩኒፎርም። ከበረንዳ የተነሣ ፎቶ ደግሞ ያለ ጽሑፍም ይናገራል፤ ከኮረብታ ላይ ከተማውንና ግንቡን የሚያሳይ ማዕዘን ያላቸው ሆቴሎች ጥቂት ናቸው፣ ፎቁም ከአጥሩ ከፍታ ይገመታል። ያንን ፎቶ ለቤት አልበም ተዉት።

የመሳፈሪያ ካርድ ፈጽሞ አይለጠፍ፤ ስሙ በጣት ቢሸፈንም። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመሳፈሪያ ካርዳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፉ። ፎቶው ላይ የሚታየውን የቦታ ማስያዣ ኮድ ይዞ አንድ ሰው በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ገብቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አገኘ። ደግነቱ ሰውየው ለመልካም የተነሣ ነበርና አሳወቃቸው። ኮዱ ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው፤ ከአባት ስም ጋር ሲሆን ብዙ ቦታ በር ይከፍታል። ባርኮዱም ያንኑ ስለሚይዝ ጽሑፉን ብቻ መሸፈን አይበቃም።

ፎቶው ውስጥ የማይታይ ቦታም አለ። ስልኩ ሲያነሳ የቆማችሁበትን ትክክለኛ ቦታ በካርታ ላይ የሚያመለክት ቁጥር፣ መጋጠሚያውን፣ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጣል። ኢንስታግራም፣ ፌስቡክና ዋትስአፕ ፎቶውን ሲያሳንሱ ይህን ለሌላ ተመልካች አያስተላልፉም። ቴሌግራምም እንደ ፎቶ ሲላክ እንዲሁ ነው፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን እንደ ፋይል ስንልከው ግን መጋጠሚያው ሳይነካ ይሄዳል። የሠርግና የጉዞ ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ እንደ ፋይል መላክ የተለመደ ነው፤ ከዚያ ማን ወዴት እንደሚያስተላልፈው አይታወቅም። አይፎን ላይ ስታጋሩ ከላይ «Options» የሚለውን ነክታችሁ «Location» አጥፉ። ከነጭራሹ እንዳይመዘገብ ከፈለጋችሁ «Settings»፣ «Privacy & Security»፣ «Location Services»፣ «Camera» ገብታችሁ «Never» በሉት። ሳምሰንግ ላይ የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ «Location tags» የሚለውን ዝጉ።

ስትለጥፉ ደግሞ ኢንስታግራም ላይ «Add location»፣ ፌስቡክ ላይ «Check in» ባዶ ይቀሩ። ስቶሪ ላይ የቦታና የሰዓት ስቲከር አይግባ። ሃሽታግም ቦታ ነው፤ የሆቴሉን ስም ካፕሽኑ ውስጥ ትቶ በሃሽታግ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው።

ኮሜንቱ

የእኛ ሰው ደግ ነው፤ ይጠይቃል። «እንኳን ደህና ገባችሁ! መቼ ተመለሳችሁ? እማማስ ቤት ቀሩ እንዴ? ያው የድሮው ሆቴል ነው?» ከአምስቱ ጥያቄዎች አራቱን አንድ አክስት ባንድ ኮሜንት ትጠይቃለች፤ ዝም ማለትም ነውር ነው። «አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ» ብላችሁ መልሱ፤ ጽፋችሁም ላኩላት። ጥያቄው ራሱ አሳባቂ ከሆነ («ቤቱን ማን እየጠበቀላችሁ ነው?») ኮሜንቱን ሰውሩት፣ ደውላችሁም ለምን እንደ ሆነ ንገሯት። አብረዋችሁ የተጓዙትንም ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ እናንተ ስትዘገዩ እህታችሁ በዚያው ሰዓት ታግ አድርጋ ከለጠፈች የእናንተ መዘግየት ዋጋ የለውም። ኢንስታግራምም ፌስቡክም ታግ የተደረገ ነገር በገጻችሁ ላይ ከመታየቱ በፊት እንድትፈቅዱ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ይከፈት። በእሷ ገጽ ላይ ግን አይከለክለውም።

ካመለጠ በኋላ

ፌስቡክ ላይ ካፕሽኑን ማስተካከል አይበቃም። ፖስቱን ማየት የሚችል ሰው «View edit history» የሚለውን ነክቶ የቀድሞውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያነበዋል። ስለዚህ አድራሻ ወይም ቀን ካመለጠ ፖስቱን አጥፍታችሁ እንደገና ለጥፉ፤ የተሰበሰበው ላይክ ይቅር። ቴሌግራም ቻናል ላይ ማስተካከሉ የቻናሉን ጽሑፍ ይለውጣል፤ ቀድሞ ለሌላ ግሩፕ የተላለፈው ግን እንዳለ ይቀራል። ስክሪንሾት የትኛውም ቦታ አይመለስም። ገና በጉዞ ላይ ሳላችሁ ሆቴሉ ከወጣ ክፍል ለመለወጥ መጠየቅ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑ ከወጣ ደግሞ የሚታመን ዘመድ እንዲያድርበት ማድረግ ከማጥፋቱ ይበልጣል፤ ያነበበው ሰው አንብቧልና።

ከመለጠፋችሁ በፊት ማጣራት ስትፈልጉ ካፕሽኑንና ፎቶውን ስለ ጉዞው ምንም ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ አሳዩትና አምስቱን ጥያቄዎች እንዲመልስ ጠይቁት። የቤተሰብ ሰው ለዚህ አይሆንም፤ የሚያውቀውን ከሚያነበው አይለይም። ባልደረባው ከአምስቱ «እስከ መቼ» ወይም «ስንት ጊዜ» የሚለውን ከመለሰ ካፕሽኑ አላለቀም።

ሙሉውን ማወቅ ያለበት አንድ ሰው

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ማንም የት እንዳላችሁ እንዳያውቅ ካደረገ ሌላ አደጋ ነው። ካፕሽኑ ውስጥ ያልገባው ሁሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ለምታምኗቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ከመነሣታችሁ በፊት ይላክ፦ የበረራ ቁጥርና ሰዓት፣ የሆቴሉ ስምና ስልክ፣ በመኪና ከሆነ የሾፌሩ ስልክና የሰሌዳው ቁጥር፣ የምትመለሱበት ቀን፣ በየቀኑ የምትደውሉበት ሰዓት። ከዚያ ሰዓት ምን ያህል ሲያልፍ ማን ጋ መደወል እንዳለበትም አብሮ ይጻፍለት። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ ሁለት ሰዓት አጭር ነው፤ ግማሽ ቀን ይሁን። ስትመለሱ ያንን መልእክት ከሁለታችሁም ስልክ አጥፉት፤ በሚቀጥለው ጉዞ አዲስ ይጻፋል።